132 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 5 ግራም ክሬቲን ይበቃዋል ወይ?

አሎሎ ኮምቦልቻ

ሰላም ለሁላችሁ። ኮምቦልቻ ነው የምኖረው። ዕድሜዬ 27፣ ቁመቴ 1 ሜትር ከ93፣ ክብደቴ 132 ኪሎ። አሎሎ እወረውራለሁ፤ በሳምንት አራት ቀን ደግሞ ብረት አነሳለሁ።

ክሬቲን የሚባለውን የስፖርተኞች ዱቄት ከጀመርኩ ሦስት ወር ሊሞላኝ ነው። መጠኑ 5 ግራም ነው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ለብ ባለ ውሃ በጥብጬ እጠጣለሁ። ባለ 300 ግራሙን ጣሳ ከአዲስ አበባ በሰው ነው ያስመጣሁት።

አብሮኝ የሚሠራ 64 ኪሎ የሚመዝን ልጅ አለ። እሱም 5 ግራም ነው የሚወስደው። ወር ሳይሞላው ለውጡ ታየበት። ቤንች ላይ አራተኛው ዙር ሲደርስ አምስት ጊዜ ገፍቶ ይቆም የነበረው ልጅ አሁን ስምንት ይገፋል። እኔ ዘንድ ግን ምንም የለም። ስኳት ላይ አራተኛው ዙር ዛሬም እንደ ድሮው ይሰብረኛል።

ጥያቄዬ ቀላል ነው። የእኔን ግማሽ እንኳ የማይሞላ ሰው ከእኔ እኩል ከወሰደ፣ የእኔ ድርሻ 10 ግራም መሆን አልነበረበትም? አንድ እንጀራ እሱን ያጠግበዋል፤ እኔን ግን ምኔንም አይነካኝ። የምታውቁ ንገሩኝ።

ብረት በደሴ

ወንድሜ መልሱ ግልጽ ነው። ክሬቲን በኪሎ ነው የሚታሰበው። ለአንድ ኪሎ 0.1 ግራም ነው። 132 ስታበዛው 13 ግራም ይመጣል። አንተ 5 ስትወስድ ግማሹን እንኳ አልወሰድክም ማለት ነው።

እኔ 88 ኪሎ ነኝ። 9 ግራም እወስዳለሁ፤ አሪፍ ነው የሚሠራልኝ። 5 ግራም ለሁሉም የሚባለው ጣሳው ላይ ለመጻፍ እንዲመች ነው እንጂ ለትልቅ ሰውነት ታስቦ አይደለም። ነገ ወደ 13 ግባ።

አሰልጣኝ ከወልዲያ

ልጆች፣ ረጋ በሉ። ብዙ ወጣት አሠልጥኛለሁ፤ ቀጭኑም ወፍራሙም 5 ነው የሚወስደው። የሚተርፈውን ሰውነት በሽንት ያወጣዋል። 13 ግራም መውሰድ ገንዘብን ሽንት ቤት መጣል ነው። 300 ግራም ጣሳ በ13 ግራም ሲካፈል 23 ቀን ነው የሚሄደው። ይህ ልጅ በየሦስት ሳምንቱ ጣሳ ከየት ያመጣል?

ለውጥ ያላየኸው ምናልባት ክሬቲን ከማይሠራላቸው ሰዎች አንዱ ሆነህ ነው። እንዲህ ያሉም አሉ። እንቅልፍህንና ምግብህን ተመልከት።

ሐዋ ሙጋድ

ሰላም። ደሴ ፋርማሲ ውስጥ ነው የምሠራው፤ ራሴም ብረት አነሳለሁ። ሁለታችሁም አንዳንድ እውነት ይዛችኋል። ጋሼ፣ የተረፈው በሽንት ይወጣል ያሉት ልክ ነው። ግን ለ64 ኪሎ የሚተርፈው ለ132 ኪሎ ላይተርፍ ይችላል። ብረትም ትልቅ ሰው ይበልጥ ያስፈልገዋል ያለው ልክ ነው። ግን የሚባዛው ሚዛን ላይ የሚታየው ኪሎ አይደለም።

ክሬቲን የት እንደሚቀመጥ እንይ። ከመቶ 95 እጁ ያለው ጡንቻ ውስጥ ነው። ስብ ለክሬቲን ማስቀመጫ አይሆንም። ስለዚህ ሆዴ ላይ 20 ኪሎ ስብ ብጨምር የክሬቲን ፍላጎቴ አይጨምርም ማለት ይቻላል። 20 ኪሎ ጡንቻ ብጨምር ግን ይጨምራል።

አሁን ጡንቻን እንደ ሮቶ ቁጠሩት። ደሴ ውስጥ ውሃ በፈረቃ የሚደርሰው ሁሉ ሮቶ ያውቃል። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ሮቶው ውስጥ 120 ግራም ያህል ክሬቲን አለው። ሮቶው ደግሞ ያፈስሳል። በየቀኑ ካለው ላይ ከመቶ 1.7 ያህሉ ራሱን ለውጦ በሽንት ይወጣል። ይህ 2 ግራም ገደማ ነው። ግማሽ ያህሉን ሰውነት ራሱ ይሠራዋል፤ ቀሪውን ከሥጋና ከዓሣ እናገኛለን። ዱቄቱን ስንወስድ ሮቶው ከበፊቱ ሩብ ያህል ከፍ ብሎ ይሞላል፤ ሲበዛ ሲበዛ ሲሶ። ከዚያ በኋላ የሚገባው ሁሉ ሞልቶ የሚፈስስ ነው።

ወደ አሎሎ ልምጣ። ከ132 ኪሎህ 30 በመቶው ስብ ነው ብዬ ልነሣ። ስብ ያልሆነው 92 ኪሎ ይሆናል። 70 ኪሎ የሚመዝን ጤናማ ሰው 60 ገደማ አለው። ስለዚህ የአንተ ሮቶ የእሱን አንድ ተኩል ነው እንጂ ሁለት እጥፍ አይደለም። 120 የነበረው 184 ግራም ይሆናል። በዱቄት ሩብ ሲጨመርበት 230 ይደርሳል። ከ230 በቀን 1.7 በመቶ ሲፈስስ 3.9 ግራም ነው።

ስብህ 20 በመቶ ብቻ ቢሆን እንኳ፣ በዚሁ ስሌት የሚፈስሰው 4.5 ግራም አካባቢ ነው። ስለዚህ 5 ግራም በሁለቱም መንገድ ይሸፍንሃል። ለ64 ኪሎው ልጅ 5 ግራም በጣም ሰፊ ነው፤ ለአንተ ልክክ ይላል። ልዩነቱ ይኸው ነው።

አሁን ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። 300 ግራም በቀን 5 እየተወሰደ 60 ቀን ነው የሚቆየው። አንተ ሦስት ወር ሊሞላኝ ነው ብለሃል። ስንተኛ ጣሳህ ነው?

ቦርከና

እኔም ክሬቲን ላይ ችግር ገጥሞኛልና ልጠይቅ። ባለፈው ወር እዚሁ አካባቢ አንድ ክሊኒክ ለምርመራ ሄጄ ክሬቲንህ ከፍ ብሏል፣ 1.5 ነው አሉኝ። እኔ ደግሞ ዱቄቱን ከጀመርኩ ሁለት ወሬ ነበር። 104 ኪሎ ነኝ። ዱቄቱ ደሜ ውስጥ ተከማችቷል ብዬ ወዲያው ጣልኩት። ስለዚህ ለትልቅ ሰው 5 ግራም አይበዛም ወይ? እኔ እንዲያውም ወደ 2 መቀነስ አለበት ባይ ነኝ።

ላብራቶሪ ኬሚሴ

ቦርከና፣ ስማቸው ተቀራርቦ ነው ያምታታህ። የተለካልህ ክሬቲኒን ነው፤ ኒ አለው። ዱቄቱ ክሬቲን ነው። ሐዋ ከሮቶው የሚፈስስ ያለችው ነገር ክሬቲኒን ነው። ኩላሊት ያጣራዋል፤ ለዚያ ነው የኩላሊትን ሥራ ለመገመት የምንለካው።

እና አስቡት። ጡንቻው ትልቅ የሆነ ሰው ሮቶው ትልቅ ስለሆነ ክሬቲኒኑ ድሮም ከፍ ይላል። ዱቄት ሲወስድ ደግሞ ትንሽ ይጨምራል። ይህ የግድ ኩላሊት ተጎዳ ማለት አይደለም። እኔ ባለሁበት ላብራቶሪ ወጣት ስፖርተኛ 1.4 እና 1.5 ይዞ ሲመጣ ደጋግሜ አይቻለሁ።

ግን ምንም አይደለም ብሎ መተውም ልክ አይደለም። አንተ ብትሆን የማደርገው ይህ ነው። ዱቄቱን ካቆምክ ወር አልፎህ ከሆነ አሁን ድገመው። ከምርመራው በፊት ባሉት ሁለት ቀናት ከባድ ስፖርት አትሥራ፤ የበሰለ ሥጋም አትብላ፤ ሁለቱም ቁጥሩን ከፍ ያደርጉታል። አብሮ ሽንትህ ይታይ። ሽንት ውስጥ ፕሮቲን ከተገኘ ነገሩ ሌላ ነው፤ ሐኪም ጋ ትሄዳለህ። ከተቻለ ሲስታቲን ሲ የሚባለውን ምርመራ ጠይቅ። እሱ በጡንቻ ብዛት ብዙም አይታለልም፤ ግን በየቦታው አይሠራም። ለመርማሪው ደግሞ ዱቄት እወስድ ነበር ብለህ ንገረው። ይህን ስትደብቅ ነው ወረቀቱ ሰው የሚያስደነግጠው።

አሎሎ፣ አንተም ግፊትህን ተለካ። 132 ኪሎ ሆኖ ደም ግፊቱን የማያውቅ ሰው ስለ ግራም ከመከራከሩ በፊት እሱን ይወቅ። ግፊት ወይም ስኳር ያለበት፣ ወይም ኩላሊቱን የታመመ ሰው ያለ ሐኪም ዱቄቱን አይጀምር።

አሎሎ ኮምቦልቻ

ሐዋ፣ የመጀመሪያው ጣሳ ነው። አሁን ከፍቼ አየሁት። ከግማሽ ትንሽ ዝቅ ብሏል እንጂ አላለቀም። እኔም አሁን ነው የገረመኝ። በእርግጥ ብረት በማልሠራበት ቀን አልወስድም፤ ሥራ ከሌለ ምን ያደርጋል ብዬ። ግን እንዲያም ሆኖ ማለቅ ነበረበት መሰለኝ።

ሐዋ ሙጋድ

እሱ ነው እንግዲህ። ሮቶው በማትሠራበት ቀንም ያፈስሳል። እሁድ ተኝተህ ብትውል እንኳ 3 ወይም 4 ግራም ይወጣል። ክሬቲን እንደ ቡና የጠጣኸው ሰዓት ላይ አያነቃህም። የሚሠራው ሞልቶ ሲገኝ ነው። ስለዚህ በየቀኑ ነው የሚወሰደው።

ማንኪያህንም እጠረጥራለሁ። ጣሳው ውስጥ የራሱ ማንኪያ አልነበረም?

አሎሎ ኮምቦልቻ

አልነበረም። ያመጣልኝ ልጅ ከፍቶ ለራሱ ቀንሶ ነበር፤ ማንኪያውን እዚያው ረስቶት መጣ። ለዚያ ነው በሻይ ማንኪያ የጀመርኩት። ነገ ሚዛን ፈልጌ እለካዋለሁ።

ጾመኛ ከላስታ

እኔ ደግሞ ሌላ ጥያቄ አለኝ። 118 ኪሎ ነኝ። ብዙ ስብ የለኝም፤ ድንጋይና እንጨት እየተሸከምኩ ያደግኩ ሰው ነኝ። ዐቢይ ጾምን 55ቱንም ቀን እጾማለሁ። ረቡዕና ዓርብም አለ። የሐይቅ ዓሣ በጾም የሚበሉ አሉ፤ እኔ አልበላም። በእነዚህ ጊዜያት ከምግብ የማገኘው ክሬቲን ዜሮ ነው ማለት ነው? ሽሮና ምስር ውስጥ የለም ወይ?

ዱቄቱ ራሱስ ከእንስሳ ነው የሚሠራው? አንድ ሰው ከሥጋ ነው ብሎኝ በጾም አቁሜው ነበር።

ሐዋ ሙጋድ

ሽሮና ምስር ውስጥ የለም ቢባል ይቀላል። ዱቄቱ ግን በፋብሪካ በኬሚካል መንገድ የሚሠራ ነው እንጂ ከሥጋ የሚወጣ አይደለም። ካፕሱሉን ከገዛህ ግን ልባሱን እይ። ጄላቲን ከሆነ ከእንስሳ ነው። ለእኛ ለሙስሊሞችም ያ ጥያቄ ነው። ንጹሑን ዱቄት ውሰድ፤ ሁለታችንንም ይገላግለናል።

ስለ ምግቡ ደግሞ ልክ ነህ። አንድ ኪሎ ጥሬ የበሬ ሥጋ ከ4 እስከ 5 ግራም ክሬቲን አለው። ሲበስል የተወሰነው መረቁ ውስጥ ይቀራል። አሎሎ በሳምንት ሩብ ኪሎ ቢበላ በሳምንት 1 ግራም አገኘ ማለት ነው፤ በቀን ሲካፈል እዚህ ግባ አይባልም። ስለዚህ በሥጋ በኩል በእሱና በአንተ መካከል ያለው ልዩነት የሚመስለውን ያህል ትልቅ አይደለም። በየቀኑ ጥብስ ከሚበላ ሰው ጋር ካነጻጸርን ግን ትልቅ ነው። ሥጋ የማይበሉ ሰዎች ሮቶ ከመነሻው ዝቅ ያለ ነው። ለዚህም ነው ዱቄቱን ሲጀምሩ ለውጡ ይበልጥ የሚታይባቸው።

አንተን ብሆን 5 ላይ አልቆምም፤ 7 እወስዳለሁ። 118 ኪሎ ሆነህ ስብህ ትንሽ ከሆነ ጡንቻህ ከአሎሎ ላይበልጥ ይችላል፤ ቢያንስ ግን እኩል ነው። ከምግብም የሚደርስልህ የለም። በጾም ስታቆመው ደግሞ፣ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ውስጥ ሮቶው ወደ ድሮው ይመለሳል። ፋሲካ ሲደርስ ሀ ብለህ ትጀምራለህ ማለት ነው።

ብረት በደሴ

ሐዋ፣ እኔን በጥቂቱ ልክ አልሽ እንጂ ነጥቤን አልመለስሽም። የዓለም አቀፉ የስፖርት ሥነ ምግብ ማኅበር በ2017 ያወጣው አቋም ትልልቅ ስፖርተኞች ጡንቻቸውን ሞልተው ለማቆየት በቀን ከ5 እስከ 10 ግራም ሊያስፈልጋቸው ይችላል ይላል። አሎሎ ትልቅ ካልሆነ ማን ትልቅ ይሆናል? 0.1 በኪሎ የሚለውም ከኪሴ ያወጣሁት አይደለም፤ ጥናቶች ላይ የሚሠራበት ቁጥር ነው።

ሐዋ ሙጋድ

አልክድም። ከ5 እስከ 10 የሚለው አለ፤ እኔም ለጾመኛው 7 ያልኩት ለዚያ ነው። ግን 10 መጨረሻው ነው እንጂ መነሻው አይደለም። 13 ደግሞ ከዚያም ያልፋል።

0.1 በኪሎ ጥናት ላይ አለ፤ ትክክል ነህ። ሌላም አለ። በፈረንጆች 1996 የወጣው የነሁልትማን ጥናት ላይ፣ ለስድስት ቀን በቀን 20 ግራም የወሰዱ ሰዎች ከሞላላቸው በኋላ በቀን 2 ግራም ብቻ ይዞላቸዋል። በኪሎ ሲሆን 0.03 ነው። 132 ሲባዛ 3.96 ይመጣል። እኔ በሮቶው መንገድ 3.9 ላይ ነው የደረስኩት። በሁለት መንገድ ሄዶ አንድ ቦታ መድረስ ልቤን ይሞላዋል።

በዚያው ጥናት ሌላ ቡድን ነበር። መጀመሪያ 20 ግራሙን ሳይወስዱ፣ በቀን 3 ግራም ብቻ ወስደው በ28ኛው ቀን እነዚያው ዘንድ ደረሱ። ለአሎሎ አንድ ተኩል እጥፍ ስናደርገው 4.5 ነው። ስለዚህ በትክክል 5 ግራም፣ በትክክል በየቀኑ ከወሰደ በወር ገደማ ይሞላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንለይ። መሙላት አንድ ነገር ነው፤ የሞላውን ማቆየት ሌላ ነገር ነው። መጣደፍ ከፈለገ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ሳምንታት 10 ቢወስድ አልቃወምም። ከዚያ ግን ወደ 5 ይመለስ። አንተ 9 ግራም የምትወስደው በ88 ኪሎ ነው። አብዛኛው እየወጣ ነው ብዬ አምናለሁ።

ብረት በደሴ

እየወጣ ይሁን። እኔ ላይ ጉዳት አላየሁም። ለትልቅ ሰው ጎሎ ከሚገኝ ተርፎ ይውጣ ነው የምለው። በዚህ ላይ አንስማማም።

አሰልጣኝ ከወልዲያ

ሐዋ ልጄ፣ እናመሰግናለን። ያ ሮቶ ገብቶኛል። የማይሠራለት ሰው ነህ ብዬ ቸኩዬ ፈርጄበታለሁ፤ መጠየቅ ነበረብኝ።

አሁን ግን ከአሠልጣኝ ወገን አንድ ነገር ልበል። ለውጡን በምን ያውቀዋል? ቀጫጭኖቹ ሚዛን ላይ ያዩታል። ኪሎ ወይም ሁለት ኪሎ ሲጨምሩ ጡንቻቸው ውሃ መያዙን እንረዳለን። 132 ኪሎ የሚመዝን ሰው ግን ጠዋትና ማታ መካከል ብቻ ሁለት ኪሎ ይለዋወጣል። ሚዛን አይነግረውም።

በአንድ ከባድ ማንሳትም ወዲያው አይታወቅም። ክሬቲን ይበልጥ የሚታየው ድካም ሲደጋገም ነው። ስለዚህ ኪሎው ሳይቀየር፣ በዙሮች መካከል ያለው ዕረፍት በሰዓት ሁለት ደቂቃ ተይዞ፣ አራት ዙር ይሥራ። የመጀመሪያውን ተወው። ሦስተኛውና አራተኛው ላይ ስንት ጊዜ እንዳነሣ በደብተር ይጻፍ። እኔ ልጆቼን የማየው በዚህ ነው። ዕረፍቱ አንድ ቀን ሁለት፣ አንድ ቀን አምስት ደቂቃ ከሆነ ግን ደብተሩ ይዋሻል።

አሎሎ ኮምቦልቻ

ለካሁት። ወርቅ ቤት ያለው ጎረቤቴ ዘንድ ሄድኩ። የእሱ ሚዛን የግራምን መቶኛ ያሳያል። መጀመሪያ ባዶ ወረቀት አስቀምጠን ዜሮ አደረግነው። ከዚያ እኔ ቤት እንደማደርገው ማንኪያውን በጣቴ ደልድዬ አሥር ጊዜ ገለበጥኩ። አሥሩ አንድ ላይ 34 ግራም ሆነ። አንዱ 3.4 ማለት ነው። ሳልደለድል ቆልዬ ስሞክር ደግሞ አንዱ 5.2፣ አንዱ 6 ይላል፤ ወጥ አይደለም።

አራት ቀን በ3.4 በሳምንት 13.6 ግራም ነው። እኔ 35 እየወሰድኩ መስሎኝ ነበር። በቀን ሲካፈል 2 ግራም እንኳ አይሞላም። ጓደኛዬ ግን የጣሳውን ማንኪያ ይዞ በየቀኑ 5 ነው የሚወስደው። በግማሽ ሰውነት ከእጥፌ በላይ እየወሰደ ነበር ማለት ነው። ያዘንኩት ለሦስት ወሩ ነው።

ግፊቴንም ተለካሁ። 148 በ94 አለኝ። ለሁለተኛ ቀን ስሄድም 146 በ92። ሽንትና ኩላሊት ታዝዞልኛል።

ላብራቶሪ ኬሚሴ

መለካትህ ትልቅ ነገር ነው። የሽንቱና የኩላሊቱ ውጤት እስኪመጣ ዱቄቱን አትንካው። የጨመረም የቀነሰም ክርክር አያስፈልገውም፤ ይቆይ። ከመጣም በኋላ ከሐኪሙ ጋር ተነጋገር። ውጤቱ ንጹሕ ቢሆን እንኳ ግፊቱ ራሱ ክትትል ይፈልጋል።

ብረት በደሴ

እዚህ ላይ እስማማለሁ። አንድ ነገር ግን ከራሴ ልንገርህ፤ 10 ብትወስድም በአንዴ አትውሰድ። እኔ መጀመሪያ 10 ግራም በአንድ ብርጭቆ ጠጥቼ ከፒያሳ ወደ ሰኞ ገበያ በታክሲ ስሄድ ሆዴ ተገለበጠ። ወርጄ ሮጥኩ። ከዚያ ወዲህ ጠዋትና ማታ ነው የማደርገው።

ሐዋ ሙጋድ

ይህን ያጋጠመህ አንተ ብቻ አይደለህም። በ2008 የወጣ ጥናት ላይ ኳስ ተጫዋቾች 10 ግራሙን በአንድ ጊዜ ሲወስዱ፣ 5 እና 5 አድርገው ከከፈሉት ይልቅ ተቅማጥ በዝቶባቸዋል። ስለዚህ ከ5 የሚያልፍ ሁሉ ይከፈል። ቁርስና እራት ጋር ቢሆን ለሆድም ይቀላል።

ለብ ባለ ውሃ መበጥበጥህ ጥሩ ነው፤ በቀዝቃዛው ከሥር ይቀራል። የቀረውን አሸዋ መሳይ ነገር ውሃ ጨምረህ ጠጣው እንጂ አትድፋው። በጥብጠህ ደግሞ ለማታ አታስቀምጥ፤ ውሃ ውስጥ ሲቆይ እየተለወጠ ይሄዳል።

አሎሎ፣ አብሽር። ሦስት ወሩ አልባከነም፤ ብረቱን አንስተሃል።

ቦርከና

እኔም ደግሜ ተመረመርኩ። ዱቄት ካቆምኩ አምስት ሳምንት፣ ሁለት ቀን አርፌ። 1.2 ሆነ፤ ሽንቱም ደህና ነው። ሐኪሙ ከሦስት ወር በኋላ ተመለስ ብሎኛል። እስከዚያ አልጀምርም። ስጀምር ግን 2 ይሁን 5 ገና አልወሰንኩም።

ጾመኛ ከላስታ

7 ጀምሬያለሁ። ጠዋት 4 ማታ 3። በጾም ቀን ማታውን ከሽሮ በኋላ ነው። ሆዴ ምንም አላለኝም።

አሎሎ ኮምቦልቻ

ከስድስት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ። የኩላሊቱና የሽንቱ ውጤት ደህና ነው ተባልኩ። ለግፊቱ ጨው ቀንስ፣ ኪሎ ቀንስ ብሎ ሐኪሙ በወር በወር ቀጥሮኛል። ስለ ዱቄቱ ጠየቅኩት፤ 5 ግራም ላይ ሆኖ እየተመረመርኩ እንድቀጥል ፈቀደልኝ። 10ሩን ግን አልወደደውም። ስለዚህ በወርቅ ቤቱ ሚዛን የአንድ ሳምንቱን ሰባት ትንንሽ ላስቲክ አድርጌ 5 ግራም እያልኩ መዘንኩ። በየሳምንቱ እሁድ እንዲያ አደርጋለሁ። አሁን አምስተኛ ሳምንቴ ላይ ነኝ፤ አንድ ቀን አልዘለልኩም።

የአሰልጣኙን ደብተር ያዝኩ። ስኳት 160 ኪሎ፣ ዕረፍት ሁለት ደቂቃ። በመጀመሪያው ሳምንት ሦስተኛው ዙር 6፣ አራተኛው 4 ነበር። ባለፈው ሐሙስ ሦስተኛው 7፣ አራተኛው 6 ሆነ። ብዙም አይደለም፤ ግን ሦስት ወር ሙሉ ያልተነቃነቀ ቁጥር ነው።

ብረት፣ 10 ብወስድ ይበልጥ ነበር ትለኝ ይሆናል። ሐዋ ደግሞ ሞልቷል ትላለች። ጋሼ፣ የስኳቱን ኪሎ አሁን ከፍ ላድርግ ወይስ 160 ላይ ሁለት ሳምንት ልቆይ?

አሰልጣኝ ከወልዲያ

ቆይ። አራተኛው 7 ሲገባ 5 ኪሎ ጨምር። ደብተሩን አትጣለው።